«ነዋሪ ነህ ወይ?» ሲለኝ «አዎ» አልኩት፣ አሁን 649 ዶላር ይመለስልሃል እያለኝ ነው፣ ልጫነው ወይስ ልተወው?

የጠባሴው | የካቲት 14

ሰላም የሰሜን ሸዋ ልጆች፣ እንኳን ለዐቢይ ጾም አደረሳችሁ። እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፣ 26 ዓመቴ ነው፣ ካቻምና በነሐሴ (በፈረንጆቹ ኦገስት 2024) በኤፍ ዋን ቪዛ ቴክሳስ ገብቼ ማስተርስ እየተማርኩ ነው። ትምህርት ቤቱ የትምህርት ክፍያዬን ትቶልኛል ግን የቤትና የምግብ የራሴ ስለሆነ ካምፓስ ውስጥ ካፌ እሠራለሁ፣ በሰዓት 15 ዶላር፣ በሳምንት 16 ሰዓት፣ በ2025 36 ሳምንት ሠራሁ፣ ጠቅላላ 8,640 ዶላር።

አሁን W-2 የሚባለው፣ የዓመቱን ደሞዜንና የተቆረጠብኝን የሚያሳየው ወረቀት መጣልኝ። አንድ የክፍል ጓደኛዬ (ሀበሻ አይደለም፣ እዚሁ የተወለደ ነው) ና በስልክ አፕ በአስር ደቂቃ እንጨርሰዋለን አለኝና ሞላንው። መጀመሪያ የሚጠይቀው የአሜሪካ ዜጋ ወይም ነዋሪ ነህ ወይ ነው፣ ዜጋ አይደለሁም ግን ያው የምኖረው እዚሁ አይደል፣ ነዋሪ ነኝ አልኩት። ከዛ ሲጨርስ በትልቅ አረንጓዴ ቁጥር 649 ዶላር ይመለስልሃል ብሎ ቁጭ። ደስ አለኝ መጀመሪያ፣ በኋላ ግን ወረቀቱን ሳየው ሳጥን 2 ላይ የፌደራል ታክስ 0 ይላል። እንዴ ምንም ሳልከፍል ምኑ ነው የሚመለስልኝ? ማታ እንቅልፍ ነሳኝ። ጓደኛዬ አትጨነቅ ዝም ብለህ ተጫነው ይላል። ልጫነው?

ባሶና | የካቲት 14

ወንድሜ የነዋሪነት መታወቂያ ከሆነ ያስቸገረህ አሁን ፋይዳ ካለህ ቀበሌ ላይ ብዙ አያንገላቱም፣ ወንድምህ ወይ አባትህ ሄደው ይጠይቁልህ። እኔ ባለፈው ወር ነው ያሳደስኩት።

የጠባሴው | የካቲት 14

ኧረ ጋሼ የቀበሌው አይደለም 😂 የአሜሪካ ታክስ ነው

ሮቢት ቆላ | የካቲት 14

ተጫነው ባክህ። ሕጉ እኮ ቀላል ነው፣ በዓመት ከ183 ቀን በላይ አገሩ ውስጥ ከቆየህ ለታክስ ነዋሪ ነህ፣ ግሪን ካርድ ምናምን አያስፈልግም። አንተ 2025ን ሙሉውን እዛው ነበርክ ስለዚህ ነዋሪ ነህ አለቀ። 649ው ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሠራተኛ መንግሥት የሚሰጠው ነው፣ ኢአይቲሲ ይባላል፣ ታክስ ባትከፍልም ይሰጣል፣ እኔ ጋር የሚሠሩ ብዙ ሰዎች ይወስዱታል። እኔ ተመርቄ በተማሪ የሥራ ፈቃድ በኦፒቲ ላይ ነኝ ቨርጂኒያ፣ ዘንድሮ እንደዛ ነው የምሞላው።

የይፋት አንጋፋ | የካቲት 14

ልጄ እንዳትጫነው። ከመጫንህ በፊት መጠየቅህ ጥሩ ነው፣ አብዛኛው ሰው የሚመጣው ተጭኖ ገንዘቡን በልቶ ከጨረሰ በኋላ ነው።

ዳላስ አካባቢ በየዓመቱ የሰው ታክስ በነፃ ከሚሞሉ በጎ ፈቃደኞች ጋር ነው የምሠራው፣ የውጭ ተማሪዎችን ወረቀት ነው በብዛት የማየው። ይሄን ስህተት ከሁሉ ነገር በላይ አየዋለሁ፣ ምንጩም አንዲቷ «ነዋሪ» የምትለዋ ቃል ናት። ለኛ ነዋሪ ማለት እዛ ሰፈር የሚያድር ሰው ነው፣ ለአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ ለአይአርኤስ ግን የቀን ቆጠራ ነው። ሮቢት ያልከው የ183 ቀን ነገር አለ፣ ውሸት አልተናገርክም፣ ግን ኤፍ ዋን ተማሪ የመጀመሪያዎቹን አምስት ዓመታት ቀኑ አይቆጠርበትም። አንድም ቀን። 365 ቀን ቢቀመጥም በነሱ ሒሳብ ዜሮ ቀን ነው። ስለዚህ የጠባሴው ልጅ ለ2025 ነዋሪ ያልሆነ ነው፣ የሚሞላውም 1040 ሳይሆን 1040-NR ነው። ያ አፕ ደግሞ 1040 ብቻ ነው የሚያውቀው፣ አብዛኛዎቹ በማስታወቂያ የምታዩዋቸው አፖች NRን አይሠሩትም።

649ኙን በተመለከተ፣ ኢአይቲሲ ነዋሪ ላልሆነ ሰው አይፈቀድም። አፑ ነዋሪ ነኝ ስላልከው ነው የሰጠህ። ሌላም ሳይነግርህ የሰጠህ ነገር አለ፣ ስታንዳርድ ዲዳክሽን የሚሉት፣ ለ2025 ላላገባ ሰው 15,750 ዶላር ድረስ ታክስ የማይነካው ገቢ ነው። እሱም ላንተ አይሠራም። ላንተ ታክሱ ከመጀመሪያዋ ዶላር ይጀምራል።

የጠባሴው | የካቲት 14

እሺ ጋሼ አመሰግናለሁ፣ ግን አሁን ልቤ ሊቆም ነው። ከመጀመሪያዋ ዶላር ማለት ስንት ልከፍል ነው?

የይፋት አንጋፋ | የካቲት 14

የመጀመሪያው ደረጃ 10 ከመቶ ነው፣ ለ2025 እስከ 11,925 ዶላር ድረስ። ያንተ 8,640 እዛ ውስጥ ነው። በነሱ ሰንጠረዥ ስታየው 863 ዶላር ይመጣል። ቴክሳስ የስቴት የገቢ ታክስ ስለሌለው በዛ ተረፍክ።

የጠባሴው | የካቲት 14

863!!! 649 ልቀበል ነው ብዬ 863 ከፋይ ሆንኩ? የአንድ ወር ተኩል ቤት ኪራይ ነው እኮ። ምነው ታዲያ ከደሞዜ አስቀድመው አልቆረጡብኝም?

ብርድ ለመድኩ | የካቲት 15

ጥያቄው ከርዕሱ ይወጣ ይሆናል ይቅርታ፣ እኔ ያለሁት እዚሁ ደብረ ብርሃን ነው፣ አዲስ ፋብሪካ ተቀጥሬ ሦስተኛ ወሬ ነው። ደሞዜ 9,000 ነው ተብዬ የሚደርሰኝ 6,970 ነው። እኔም እንደናንተ ዓመቱ ሲያልቅ ፎርም መሙላት አለብኝ? ያጠፋሁት ነገር ካለ ብዬ ነው።

የይፋት አንጋፋ | የካቲት 15

የለም እህቴ አንቺ ምንም አታጠፊም፣ ልክ ነው የቆረጡሽ። በአዲሱ አዋጅ ከወር ደሞዝ የመጀመሪያው 2,000 ብር አይነካም (ድሮ 600 ነበር)፣ ቀጥሎ ያለው 2,000 ላይ 15 ከመቶ፣ ቀጥሎ 3,000ው ላይ 20፣ የቀረው 2,000 ላይ 25። ደምሪው፣ 300 እና 600 እና 500፣ 1,400 ብር። ጡረታ 7 ከመቶ 630 ነው። 9,000 ሲቀነስ 2,030፣ 6,970። እዛ አገር አንድ አሠሪ ብቻ ያለው ሠራተኛ አሠሪው ቆርጦ ካስገባለት ነገሩ አለቀ፣ ፎርም የሚባል የለም።

ባይሆን ጥያቄሽ ጥሩ ነው፣ ልጆቻችን እዚህ መጥተው የሚሳሳቱት አንዱ በዚህ ነው። አሠሪው ከቆረጠ አልቋል፣ ካልቆረጠም የለብኝም ማለት ነው ብለው ያስባሉ። አሜሪካ አሠሪው የሚቆርጠው ግምት ነው፣ ትክክለኛውን ሒሳብ ዓመቱ ካለቀ በኋላ አንተው ነህ የምታወራርደው።

የጠባሴው፣ ያንተ አሠሪ ለምን አልቆረጠም ላልከው፣ ስትቀጠር W-4 የሚባል ፎርም ሞልተሃል። እዛ ላይ ያላገባ ብለህ ፈርመህ ሰጠሃቸው፣ ከዛ ኮምፒውተሩ እንደ ማንኛውም አሜሪካዊ ስታንዳርድ ዲዳክሽን አለው ብሎ አሰበልህና በዚህ ደሞዝማ ታክስ የለበትም ብሎ ዜሮ አደረገው። ነዋሪ ያልሆነ ሰው ግን እዛ ፎርም ላይ ከመስመር 4(c) በታች ባለው ባዶ ቦታ Nonresident Alien ብሎ መጻፍ ነበረበት። ያኔ ኮምፒውተሩ በየደሞዙ ትንሽ ትንሽ ይቆርጥ ነበር፣ ዛሬ አይሰማህም ነበር። ነገ ሂድና አዲስ W-4 ስጣቸው፣ አለዚያ ለ2026ም እንዲሁ ነው የሚደርስብህ።

አሁን አንድ ነገር ንገረኝ። W-2ው ላይ ሳጥን 4 እና ሳጥን 6 ምን ይላሉ?

የጠባሴው | የካቲት 15

ሳጥን 4 535.68፣ ሳጥን 6 125.28። ይሄ ምንድነው?

መንዜዋ | የካቲት 15

አሃ! ጋሼ ለምን እንደጠየቁ ገባኝ 😀 ወንድሜ ደስ ይበልህ፣ ያ ገንዘብ ያንተ ነው።

የይፋት አንጋፋ | የካቲት 15

መንዜዋ ታውቃለች። እነዚያ ሁለቱ ፋይካ የሚባለው ናቸው፣ የጡረታና የጤና መዋጮ፣ 6.2 እና 1.45 ከመቶ። ደምረው፣ 660.96 ዶላር። ነዋሪ ያልሆነ ኤፍ ዋን ተማሪ ቪዛው በሚፈቅድለት ሥራ ላይ ይሄን አይከፍልም። ካንተ መቆረጥ አልነበረበትም።

የገረመኝ ነገር ካምፓስ ውስጥ እየሠራህ እንዴት ቆረጡህ? ትምህርት ቤቱ ራሱ ቢሆን ለገዛ ተማሪው፣ አሜሪካዊም ቢሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ አይቆርጥም።

የጠባሴው | የካቲት 15

ካፌው የትምህርት ቤቱ አይደለም ጋሼ፣ ኮንትራት የወሰደ የምግብ ድርጅት ነው። ደሞዙ ከሌላ ስቴት ነው የሚመጣው፣ ፔሮል ያለችውን ሴት በኢሜይል ብቻ ነው የማውቃት።

የይፋት አንጋፋ | የካቲት 15

በቃ ተፈታ። ያ ድርጅት ሺህ ካፌ ቢኖረው የሚቀጥረው አሜሪካዊ ነው፣ አንተን እንደ አሜሪካዊ መዘገበህ። ሁለቱም ስህተት ከዚያ ነው የመጣው። መቁረጥ የነበረባቸውን አልቆረጡም፣ መቁረጥ የሌለባቸውን ቆረጡ። ሳጥን 2 ዜሮ ሆኖ ሳጥን 4 እና 6 ቁጥር ካለበት፣ የኤፍ ዋን ልጅ ወረቀት ላይ ይሄን ባየሁ ቁጥር ታሪኩ አንድ ነው።

አሁን ሒሳቡን እንየው። የምትከፍለው 863፣ የሚመለስልህ 661 ገደማ። በመጨረሻ ከኪስህ የሚወጣው 200 ዶላር አካባቢ ነው። ግን ልብ በል፣ አንዱን ካንዱ ቀንሰህ 202 ብቻ ልትከፍል አትችልም። ፋይካው 1040-NR ላይ ቦታ የለውም፣ መንገዱ ሌላ ነው። 863ቱን በጊዜው ትከፍላለህ፣ 661ዱን ለብቻው ታስመልሳለህ፣ ያውም ወራት ይፈጃል።

ሮቢት ቆላ | የካቲት 15

ቆይ ጋሼ አምስት ዓመት ያሉት ነገር አሳሰበኝ። እኔ የገባሁት ኦገስት 2021 ነው። ስለዚህ አምስት ዓመቴ የሚሞላው ኦገስት 2026 ነው አይደል? ፋይካ እኔም አይቆረጥብኝም እስካሁን፣ ይሄን አውቀዋለሁ፣ ነዋሪ መሆኔን ነው የተሳሳትኩት እንግዲህ።

መንዜዋ | የካቲት 15

እኔ በዚህ በራሴ ደርሶብኛል ላውራህ። የገባሁት ዲሴምበር 28 ቀን 2019 ነው፣ በረዶው እስከ ጉልበት ሚኒሶታ፣ መሃል ሜዳ ብርድ አውቃለሁ ስል የነበርኩት ሴትዮ አለቀስኩ። ያቺ አራት ቀን እንደ አንድ ሙሉ ዓመት ነው የተቆጠረችብኝ። የሚቆጥሩት የፈረንጅ ካላንደር ዓመት ነው፣ ከገባህበት ቀን አይደለም። ስለዚህ የኔ 2019፣ 20፣ 21፣ 22፣ 23 ሆነና ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ቀኔ መቆጠር ጀመረ። ያንተ 2021፣ 22፣ 23፣ 24፣ 25 ነው። አለቀልህ፣ ዘንድሮ መቆጠር ጀምረሃል።

ሮቢት ቆላ | የካቲት 15

እንዴ! ስለዚህ ለ2025 እኔም NR ነው የምሞላው፣ ለ2026 ነዋሪ ልሆን ነው?

የይፋት አንጋፋ | የካቲት 15

መንዜዋ ልክ ብላለች። ዘንድሮ እስከ ሐምሌ ከቆየህ 183 ቀኑን ትሞላለህ፣ ነዋሪነቱ ግን ወደ ኋላ ሄዶ ከጃንዋሪ ይጀምራል። ያኔ ፋይካውም ከጃንዋሪ ነው የሚታሰበው። ስለዚህ ለፔሮልህ አሁኑኑ ንገራቸው፣ በኋላ የስድስት ወር ባንዴ እንዳይቆርጡብህ። በጎ ጎኑ ስታንዳርድ ዲዳክሽኑን በሚቀጥለው ዓመት ትጠቀማለህ። ክፉ ጎኑ ነዋሪ ከሆንክ አይአርኤስ የሚጠይቅህ የዓለምን ገቢህን ነው፣ ሸዋ ሮቢት ያከራየኸው ቤት ካለ እሱም ይገባል።

ሮቢት ቆላ | የካቲት 15

ቤትስ የለኝም፣ የአባቴ የሽንኩርት ማሳ ነው ያለው 😅 እሺ ፔሮሉን እጽፍላቸዋለሁ

አንኮበር ቁልቁለት | የካቲት 16

እኔ በዲቪ ነው የገባሁት ባለፈው ጁላይ፣ መጋዘን ነው የምሠራው። ከላይ ያለውን አንብቤ ፋይካዬን ላስመልስ ብዬ W-2ዬን ሳየው 1,200 ምናምን ተቆርጦብኛል። 843 ነው አይደል ፎርሙ? ከየት ነው የሚወርደው?

የይፋት አንጋፋ | የካቲት 16

አይ አንተ ተው። ግሪን ካርድ ያለህ ሰው ፋይካ ትከፍላለህ፣ አይመለስልህም፣ እዚህ የተጻፈው ላንተ አይደለም። ያንተ ችግር ሌላ ነው፣ በገባህበት ዓመት ግማሹ ነዋሪ ያልሆንክበት ግማሹ ነዋሪ የሆንክበት ነው፣ ዱዋል ስታተስ ይሉታል፣ በዚያ ዓመት ስታንዳርድ ዲዳክሽን በአብዛኛው አይሠራም። ሚስት አለችህ? አብራህ ገብታለች? ያ ነገሩን ይቀይረዋል። ለብቻው ክር ክፈትና እንነጋገር።

መንዜዋ | የካቲት 16

የጠባሴው ወንድሜ እኔ አንተ ልትጫን ያልከውን ተጭኜ አውቀዋለሁ። የ2020ን በ1040 ሞላሁት፣ እንዳንተው ጓደኛ አሳየኝ። ከዛ በ2021 መንግሥት ለሁሉም የኮቪድ 1,400 ዶላር ሲልክ ለኔም መጣልኝ። ለእናቴ ላክሁላት ግማሹን፣ መሃል ሜዳ ጣሪያ ቀየረችበት። በኋላ ነው የትምህርት ቤቱ የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ነዋሪ ላልሆነ ተማሪ አይገባውም ብሎ ኢሜይል ለሁላችን የላከው። 1040-X ሞልቼ፣ ትክክለኛውን 1040-NR ላዩ ላይ Amended ብዬ ጽፌ አያይዤ ላክሁ፣ 1,400ውንም በቼክ መለስኩ። ተርፌ ያስቀመጥኩት ብር ስላልነበረ ሦስት ወር ነው የለቀምኩት። የእናቴ ጣሪያ ግን አለ 😂

ሮቢት ቆላ | የካቲት 16

እኔ የሰማሁት በዚህ የተነሳ ሰው ዲፖርት ተደርጓል ነው

የይፋት አንጋፋ | የካቲት 16

እኔ በተሳሳተ ፎርም የተባረረ ተማሪ አላየሁም፣ አላውቅም። ሳይፈልግ ተሳስቶ አስተካክሎ የላከ ሰው ወረቀቱ ንጹሕ ነው። የሚያስፈራው እያወቁ መተው ነው፣ በኋላ ግሪን ካርድ ሲጠየቅ የታክስ ወረቀት ይታያልና። ከዚያ በላይ የስደት ጠበቃ የሚመልሰው ጥያቄ ነው፣ እኔ አልገባበትም።

ጅሩ ሰርገኛ | የካቲት 16

ኸረ ጥያቄ አለኝ እኔም፣ አብሮኝ የሚኖረው ቻይናዊ ከደሞዙ 5,000 ዶላር ታክስ የለበትም፣ ህንዱ ደግሞ ያን ስታንዳርድ የምትሉትን ያገኛል። ሁለቱም እንደኛ ኤፍ ዋን ናቸው። እኛ ምን አድርገን ነው?

የይፋት አንጋፋ | የካቲት 16

አገሮቻቸው ከአሜሪካ ጋር የታክስ ስምምነት አላቸው። ኢትዮጵያ የላትም። ስለዚህ ከጓደኛ መገልበጥ አይሆንም፣ ህንዱ የሞላው ለህንዱ ትክክል ነው፣ አንተ ገልብጠህ ከሞላኸው ውሸት ነው። አፑ ላይ ትሪቲ ብሎ ሲጠይቅህ የለም በል።

ጅሩ ሰርገኛ | የካቲት 16

እሺ። እኔ ግን ሥራ አልሠራም፣ ሙሉ ስኮላርሺፕ ነኝ፣ ስኮላርሺፕ ደግሞ ታክስ የለውም። ስለዚህ ምንም አልሞላም አይደል?

መንዜዋ | የካቲት 16

ግማሹ ልክ ነው። የትምህርት ክፍያውና የመጽሐፉ የለውም። መኝታና ምግብ የሚሸፍንልህ ከሆነ ግን ያ ክፍል ገቢ ነው፣ ቀድመው 14 ከመቶ ይቆርጡልሃል። በማርች አጋማሽ (መጋቢት 6 አካባቢ) 1042-S የሚባል ወረቀት ይመጣልሃል፣ ከW-2 ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ሰው ሳይጠብቅ ቸኩሎ ይሞላና በኋላ ድጋሚ ያስተካክላል። አንተ ግን ብትሞላ ነው የሚጠቅምህ፣ ለምሳሌ 6,000 ዶላር ለመኝታ ከሰጡህ 840 ተቆርጧል፣ ትክክለኛው ታክስ 600 ገደማ ነው፣ 240 አካባቢ ይመለስልሃል። ዝም ካልክ እዛው ይቀራል። ስቴትህ ታክስ ካለው ደግሞ የስቴቱ ለብቻው ይሞላል፣ እኔ ሚኒሶታ ሁለት ነው በየዓመቱ።

የጠባሴው | የካቲት 16

እኔ አሁን ቅደም ተከተሉ ጠፋብኝ። በ2024 ደግሞ ከኦገስት ጀምሮ እዚህ ነበርኩ ግን አልሠራሁም፣ ምንም አልሞላሁም። ያስቀጣል?

የይፋት አንጋፋ | የካቲት 16

ቀስ እንበል። ለ2024 8843 የምትባል ቀላል ፎርም ነበረችብህ፣ ገቢ ባይኖርህም ተማሪ ነኝ ቀኔን አትቁጠሩ የምትል ናት። ለተማሪ ዘገየህ ተብሎ የሚከፈል የገንዘብ ቅጣት የላትም፣ አሁን ሙላና በፖስታ ላካት፣ ቅጂዋን አስቀምጥ። አምስት ዓመትህ የሚጀምረው ከዚያው 2024 ስለሆነ እስከ 2028 መጨረሻ ነው።

ለ2025 የትምህርት ቤትህን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ጠይቅ፣ ብዙዎቹ የስፕሪንታክስ ኮድ ገዝተው ለተማሪ ይሰጣሉ። እሱ NRን ያውቃል፣ 8843ንም አብሮ ያወጣል። የገባህባቸውንና የወጣህባቸውን ቀኖች ይጠይቅሃል፣ I-94 ድረ ገጹ ላይ የጉዞ ታሪክህ አለ፣ ከዚያ ቅዳ እንጂ በግምት አትጻፍ። ለገና አገር ቤት ሄደህ ከነበረ እሱም ይገባል።

ቀኑ ኤፕሪል 15 ነው፣ በኛ ሚያዝያ 7። ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነው ዘንድሮ፣ ዶሮው ሳይገባ ጨርሰው። ታክስ ያልከፈልክበት ቅጣት አለ እንዳትለኝ፣ ያለብህ ቀሪ ከ1,000 ዶላር በታች ስለሆነ አስቀድመህ አልከፈልክም የሚለው ቅጣት አይመጣም። 863ቱ ባንዴ ካልተገኘ እንኳ ፎርሙን በጊዜው ላክ። ፎርም አለመላክ በወር 5 ከመቶ ነው፣ ልከህ አለመክፈል በወር ግማሽ ከመቶ ነው። ልዩነቱን አየኸው? ከዚያ አይአርኤስ ድረ ገጽ ላይ የ180 ቀን ክፍያ መጠየቅ ይቻላል።

ፋይካው ላይ፣ መጀመሪያ ለፔሮሏ ሴትዮ ጻፍላት። ኤፍ ዋን ነኝ፣ በ2024 ነው የገባሁት፣ ነዋሪ አይደለሁም፣ የ2025 ፋይካ በስህተት ተቆርጧል፣ ይመለስልኝና የተስተካከለ W-2 ይሰጠኝ በላት። I-20፣ ቪዛና I-94 አያይዝ። አንድ ነገር ጨምርበት፣ እነሱም ባንተ ስም ያንኑ ያህል 660.96 ከኪሳቸው ከፍለዋል፣ ለነሱም ይመለሳል። ይሄን ሲሰሙ ጆሯቸው ይቆማል አንዳንዴ።

የጠባሴው | የካቲት 16

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ነገ እጽፍላታለሁ። አፑን ደመሰስኩት።

የጠባሴው | የካቲት 29

ተመለስኩ። መጀመሪያ ጥሩውን። የውጭ ተማሪዎች ቢሮው ኮዱን ሰጠኝ፣ ሞላሁት፣ እውነትም 863 ነው ያወጣው እንዳሉት። 500 ነበረኝ፣ ለቀሪው የተገኘውን ክፍት ፈረቃ ሠራሁና ከፈልኩ፣ ባንኬ ላይ አይአርኤስ የሚል ሲመጣ ሳየው ደነገጥኩ ራሴ 😅 የ2024ዋንም 8843 ፖስታ ቤት ወስጄ ላክሁ።

ፔሮል ሴትዮዋ መጀመሪያ እንዲህ ዓይነት ነገር የለም አለችኝ። ሁለተኛ ስጽፍ፣ ያቺን የናንተም ይመለሳል የምትለዋን ጨምሬ፣ ለአለቃዋ አስተላለፈችው። ከዛ መልስ መጣ፣ ከአሁን በኋላ አንቆርጥም፣ የ2026ን የሁለት ወሩን እንመልሳለን፣ የ2025ን ግን መጽሐፋችን ተዘግቷል አይአርኤስን ጠይቅ ይላል። ልከራከር ወይስ ልሂድ?

የይፋት አንጋፋ | የካቲት 30

ጎበዝ። የ2025ንም መመለስ ይችሉ ነበር፣ ወረቀቱ ስለሚያሰለቻቸው ነው። እኔ አንተን ብሆን አንድ ጊዜ ብቻ እጠይቅና ቀጥታ ወደ አይአርኤስ እሄዳለሁ። ያ ኢሜይል ራሱ ወርቅ ነው፣ አትመው። ፎርም 843 እና 8316 ሞልተህ፣ W-2፣ ቪዛ፣ I-20፣ I-94 እና አሠሪው አልመልስም ያለበትን ኢሜይል አያይዘህ ኦግደን ዩታ ወዳለው ቢሮ በፖስታ ትልካለህ። ከ1040-NR ጋር አንድ ፖስታ ውስጥ እንዳታደርገው፣ እሱ ይጠፋል። የተመዘገበ ፖስታ ይሁን። ሦስት ዓመት ጊዜ አለህ ግን ዛሬ ላከው፣ ሰው ትናንሽ ወረቀት ይጥላል።

መንዜዋ | የካቲት 30

እኔ ጓደኛዬ ልካ ሰባት ወር ፈጅቶባታል፣ በመጨረሻ ቼክ መጣላት ከወለድ ጋር። ሌላ አንዱ ደግሞ እስካሁን አልመጣለትም፣ ሲደውል ወረቀትህ እየታየ ነው ይሉታል። ስለዚህ ገንዘቡን ቆጥረህ አትበላው።

አንኮበር ቁልቁለት | መጋቢት 1

ጋሼ ክር ከፍቻለሁ ያሉኝን፣ ሚስቴ ገና አንኮበር ናት፣ ቪዛ እየጠበቀች ነው። እሷን ጨምሬ መሙላት እችላለሁ ወይ የሚል ነው፣ ማንም አልመለሰልኝም እስካሁን

ብርድ ለመድኩ | መጋቢት 1

እኔ ደግሞ የኦቨርታይም ብር ተጨምሮ ደሞዜ ሳይቆረጥ 11,200 ደርሶ ነበር በዚህ ወር፣ 30 ከመቶው በሙሉው ላይ ነው ወይስ ከ10,000 በላይ ባለው ላይ ብቻ? የፋብሪካው ሒሳብ ሹም በሙሉው ነው አለኝ

የይፋት አንጋፋ | መጋቢት 1

ከ10,000 በላይ ባለው 1,200 ላይ ብቻ። ታክሱ በጠቅላላ 2,010 ብር ነው መሆን ያለበት፣ የተቆረጠብሽ ከዚያ በላይ ከሆነ የደሞዝ ወረቀትሽን ይዘሽ ሂጂበት። አንኮበር፣ ክርህን አሁን አየሁት፣ ማታ እጽፍልሃለሁ።